ነጥቧ «አይ» ሆና ተነበበች፦ በቀን 1 ጊዜ የታዘዘ መድኃኒት 4 ጊዜ ሲወሰድ

ይህ ጉዳይ የደረሰው እኔ በምሠራበት ፋርማሲ ነው። ስህተቱ የእኛ ነው። የታካሚዋን፣ የቤተሰቡን፣ የሐኪሙንና የሆስፒታሉን ስም አልጠቅስም። ቤተሰቡ ጉዳዩ እንዲጻፍ ፈቅዷል። የምጽፈው በእጅ የተጻፈ ማዘዣ ለሚያነቡ ባልደረቦቼ፣ ማዘዣ ለሚጽፉ ሐኪሞች፣ ለእናትና ለአባቱ መድኃኒት ሊገዛ ባንኮኒያችን ፊት ለሚቆም ሁሉ ነው።

## ዳራ

ታካሚዋ ስድሳዎቹን የጀመሩ እናት ናቸው። የልብ ድካም አለባቸው፤ ለዓመታት ክትትል ላይ ነበሩ። በዚያ ሰሞን እግራቸው አብጦ፣ ሌሊት ትንፋሽ እያጠራቸው ወደ ሆስፒታል ሄዱ። ሐኪሙ መርምሮ ሁለት መድኃኒት አዘዘላቸው።

አንደኛው ፉሮሴማይድ ነው። ብዙ ሰው ላሲክስ በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ኩላሊት ጨውና ውኃን በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል፤ እብጠቱ የሚቀንሰውም በዚህ ነው። በአፍ ሲወሰድ በአንድ ሰዓት ውስጥ መሥራት ይጀምርና ከ6 እስከ 8 ሰዓት ያህል ይቆያል። ሁለተኛው ኢናላፕሪል ነው፤ የደም ግፊትን ዝቅ አድርጎ የልብን ሸክም ያቀላል።

ማዘዣው ላይ የተጻፈው ይህ ነበር፦

```
Furosemide 40 mg  1 tab po Q.d   #30
Enalapril   5 mg  1 tab po bid   #60
```

የመጀመሪያው መስመር «40 ሚሊ ግራም፣ 1 ፍሬ በአፍ፣ በቀን 1 ጊዜ፣ 30 ፍሬ ይሰጥ» ማለት ነው። ሁለተኛው «5 ሚሊ ግራም፣ 1 ፍሬ በአፍ፣ በቀን 2 ጊዜ፣ 60 ፍሬ ይሰጥ» ነው። ለስንት ቀን እንደሚወሰድ የሚጻፍበት ቦታ ባዶ ነበር።

እነዚህ አጫጭር ምልክቶች ከላቲን የመጡ ናቸው። አራቱን አንድ ላይ ላስቀምጣቸው፤ ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ውስጥ ነው።

```
Qd    bid    tid    Qid
```

ኪው-ዲ በየቀኑ፣ ማለትም በቀን 1 ጊዜ ነው። ቢ-አይ-ዲ 2 ጊዜ፣ ቲ-አይ-ዲ 3 ጊዜ፣ ኪው-አይ-ዲ 4 ጊዜ። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አስተያዩአቸው። ሁለቱም በአንድ ፊደል ይጀምራሉ፣ በአንድ ፊደል ያልቃሉ። አንድ ጊዜንና አራት ጊዜን የሚለየው መሃል ላይ ያለች አንዲት ቀጭን ጭረት ብቻ ናት።

## የሆነው

ማዘዣውን ይዛ የመጣችው ልጃቸው ናት። ሰኞ አመሻሽ ላይ ነበር። እናቷ ደክሟቸው ታክሲ ውስጥ ቀርተዋል። ወረቀቱን የተቀበለው ወጣት ባልደረባዬ ነው። ጎበዝ ነው፣ ጠንቃቃ ነው። ይህን የምለው ልከላከልለት ፈልጌ አይደለም። ስህተቱ የሰነፍ ሰው ስህተት እንዳልሆነ እንድታውቁት ነው።

ሐኪሙ ኪው ጽፎ ነጥብ አደረገ፣ ከዚያ ዲ ጻፈ። እስክሪብቶው ቀለም የሚያፈስ ቢክ ነበር። ነጥቧ ስትቀመጥ ትንሽ ወደ ታች ተንሸራታ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጭረት ሆነች። ከሥሯ ያለው መስመር ላይ ደግሞ ቢ-አይ-ዲ ግልጽ ብሎ ተጽፏል። ዓይን ከታች «አይ-ዲ» አይቶ ወደ ላይ ሲመለስ፣ ላይም «አይ-ዲ» ያነባል።

ሌላም ነገር አለ። ባልደረባዬ በዚያ ከሰዓት ሦስት የክሎክሳሲሊን ማዘዣ አስተናግዶ ነበር። ክሎክሳሲሊን በአብዛኛው በቀን 4 ጊዜ የሚታዘዝ መድኃኒት ነው። እጁም ዓይኑም «4 ጊዜ» ላይ ሞቆ ነበር።

ሦስት ስትሪፕ ፉሮሴማይድ ቆጥሮ ፖስታ ውስጥ ከተተ፤ ላዩ ላይ «1 ፍሬ በቀን 4 ጊዜ» ብሎ ጻፈ። ኢናላፕሪሉንም በሌላ ፖስታ አደረገ። «ይቺን አንድ አንድ ፍሬ በቀን አራት ጊዜ፣ ይቺን ጠዋትና ማታ። እሺ?» አላት። «እሺ» ብላ ከፍላ ሄደች።

ቤት ሲደርሱ የሆነውን ልጅቷ በኋላ ነግራኛለች። እናቷ «ሐኪሙ እኮ ጠዋት ጠዋት ነው ያለኝ» አሉ። ልጅቷ ፖስታውን አገላብጣ አየችው። «እማዬ፣ ይኸው አራት ጊዜ ነው የሚለው፤ ተሳስተሽ ይሆናል» አለቻቸው። እናትየው ዝም አሉ። ከሐኪሙ አፍ የሰሙት ትክክለኛው ትእዛዝ እዚያች ቤት ውስጥ ነበር። ጽሑፉ አሸነፈው። ጽሑፉ ደግሞ የእኛ ነው።

## ስምንት ቀን

ማክሰኞ ጠዋት ጀመሩ። በቀን 160 ሚሊ ግራም ማለት ነው፣ ከታዘዘው 4 እጥፍ። አንዱ ፍሬ ሥራውን ሲጨርስ ቀጣዩ ይደርሳል። ስለዚህ ማሸናቱ ቀንም ሌሊትም እረፍት አልነበረውም።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቤተሰቡ ደስ ብሎት ነበር። የእግራቸው እብጠት ሟሸሸ፣ ትንፋሻቸው ቀለል አለ። ይህን አስምሩበት። ከመጠን በላይ የተወሰደ መድኃኒት ሁልጊዜ በመጥፎ ምልክት አይጀምርም። መጀመሪያ የሚታየው በጣም ጥሩ የሠራ መድኃኒት ሊሆን ይችላል።

ከአምስተኛው ቀን በኋላ ነገሩ ተለወጠ። አፋቸው ደረቀ፣ ውኃ ውኃ አላቸው። ሌሊት ሦስት አራት ጊዜ ለሽንት ይነሳሉ። አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ሲነሱ ዓይናቸው ላይ ይጨልማል፤ አንድ ሌሊት ግድግዳ ይዘው ነው የተረፉት። ባታቸውን ይሸመቅቃቸው ጀመር። ልጅቷ ሕመማቸው የባሰ መሰላትና መድኃኒቱ እንዳይዛነፍ ይበልጥ ተጠነቀቀች። ሞባይሏ ላይ ማንቂያ ሞልታ ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓት፣ ማታ 12 ሰዓትና ሌሊት 6 ሰዓት እየቀሰቀሰች ታስውጣቸው ነበር። የታማኝ ልጅ እጅ ስህተታችንን ሳያዛንፍ ፈጸመው።

## እንዴት ተገኘ

30 ፍሬ በቀን 4 ሲሆን ለ7 ቀን ተኩል ይበቃል። በስምንተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ የጠዋቷና የቀኗ ፍሬ ስትወሰድ ሦስቱም ስትሪፕ ባዶ ሆነ። ከሰዓት 8 ሰዓት ገደማ ልጅቷ ባዶውን ስትሪፕ ይዛ መጣች። በዚያ ሰዓት ባንኮኒው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ።

«ዶክተር፣ ይሄኛው አለቀብን። ድገሙልን» አለች።

«መቼ ነው የወሰዳችሁት?»

«ባለፈው ሰኞ።»

«ሌላኛውስ አለቀ?»

«እሱ ገና ብዙ አለ።»

እዚህ ላይ ነው የደነገጥኩት። በአንድ ማዘዣ፣ በአንድ ቀን፣ ለአንድ ሕመም የወጡ ሁለት መድኃኒቶች ናቸው። አንዱ በሳምንት ሲያልቅ የሌላው አብዛኛው ገና አለ። ፖስታውን ጠየቅኋት፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። «በቀን 4 ጊዜ» የሚለውን የባልደረባዬን ጽሕፈት አነበብኩ። ያስቀረነውን ማዘዣ ከፋይል አወጣሁ። መጀመሪያ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ እኔም ኪው-አይ-ዲ ነው ያነበብኩት። ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስጄ ሳዘነብለው ነው ጭረቷ ከሌሎቹ ፊደላት በታች፣ መስመሩ ግርጌ ላይ እንደተቀመጠች ያየሁት። «አይ» ብትሆን ኖሮ መሃል ላይ ትቆም ነበር፣ በላይዋም ነጥብ ይኖራት ነበር። ይቺ ነጥብ ናት።

«እናትሽ እንዴት ናቸው?» አልኳት። ማዞሩን፣ ጥሙን፣ የባት መሸምቀቁን ነገረችኝ።

## የወሰድናቸው እርምጃዎች

መጀመሪያ ያደረግሁት ፉሮሴማይዱን አለመስጠት ነው። ቀጥዬ ሐኪሙን ፈለግሁ። ማዘዣው ላይ ስምና ፊርማ አለ፣ የካርድ ቁጥር አለ፣ ስልክ ግን የለም። በሆስፒታሉ ስልክ ደውዬ በሦስተኛው ሙከራ የተመላላሽ ክፍል ነርስ አገኘሁ፤ በካርድ ቁጥሩ ሐኪሙን አገናኘችኝ። የጠየቅሁት ጥያቄ «ፉሮሴማይዱ 4 ጊዜ ነው እንዴ?» የሚል አልነበረም። «ለእኚህ ታካሚ ፉሮሴማይድ እንዴት ነው ያዘዝክላቸው?» አልኩት። «ጠዋት አንድ ፍሬ» አለ ሳያመነታ።

የሆነውን ነገርኩት። ኢናላፕሪሉም የዛሬ ማታው እንዳይወሰድ፣ ዛሬውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንዲመጡ አለ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ሰውነት ፈሳሹ ሲያልቅበት የደም ግፊት ይወርዳል፤ ኢናላፕሪል ደግሞ እሱን ጨምሮ ያወርዳል። ሁለቱ ሲደራረቡ ኩላሊት በቂ ደም አያገኝም።

ከዚያ ልጅቷን ወደ ውስጥ አስገብቼ አስቀመጥኳት። ስህተቱ የእኛ መሆኑን፣ እሷም እናቷም ምንም እንዳላጠፉ ነገርኳት። አለቀሰች። «እማዬ ጠዋት ነው ብላኝ ነበር» ያለችኝ ያኔ ነው። የፋርማሲው ባለቤት መጥቶ ይቅርታ ጠየቀ፤ የላቦራቶሪውንና የአልጋውን ወጪም ሸፈነ። ባልደረባዬ ከእኔ ጋር ሆኖ ታካሚዋን ሆስፒታል አደረሰ።

እዚያ የተገኘው ይህ ነው። ክብደታቸው ከስምንት ቀን በፊት ካርዱ ላይ 61 ኪሎ ነበር፣ አሁን 55 ሆኗል። የደም ግፊታቸው ተቀምጠው 90 በ60 ነው፣ ሲቆሙ ከዚያም ይወርዳል። ፖታሲየማቸው 2.9 ነው፤ ጤነኛው ከ3.5 እስከ 5 ነው። የባታቸው መሸምቀቅ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ከዚህ ከወረደ የልብ ምት ያዛባል። የኩላሊት ምርመራቸው ክሬቲኒን ከ1.0 ወደ 1.9 ወጥቷል። ዲጎክሲን የሚባለውን የልብ መድኃኒት አለመውሰዳቸው ትልቅ ዕድል ነበር። ፖታሲየም ሲወርድ ዲጎክሲን በተለመደው መጠኑም ሊመርዝ ይችላል።

ሁለት ሌሊት ተኙ። ፈሳሽ በጥንቃቄ፣ ቀስ ተብሎ ተሰጣቸው፤ ልብ የደከመበት ሰው ላይ ፈሳሽ ማብዛትም ሌላ አደጋ ነው። ፖታሲየምም ተሰጣቸው። በሦስተኛው ቀን ቁጥሮቹ መመለስ ጀመሩ። ከሳምንት በኋላ በተደረገ ምርመራ ኩላሊታቸው ወደ ቦታው ተመልሷል። ፉሮሴማይዱ እንደገና ተጀመረላቸው፦ 1 ፍሬ፣ ጠዋት።

## ለምን አመለጠን

«ጽሕፈቱ ነው» ብሎ መተው ይቻል ነበር። ጽሕፈቱማ ነው። ግን ያቺን ማዘዣ መልሰን መላልሰን ስናያት ስህተቱን የሚናገሩ ሁለት ምልክቶች ነበሩባት። ሁለቱም ጽሕፈት ማንበብ አይጠይቁም።

አንደኛው ሒሳቡ ነው።

```
30 ÷ 4 = 7.5
60 ÷ 2 = 30
```

ማንም ሐኪም መድኃኒት ለ7 ቀን ተኩል አያዝም። በዚያ ላይ ከጎኑ ያለው መድኃኒት ለአንድ ወር ነው። ኪው-ዲ ተብሎ ቢነበብ ግን 30 ለ1 ሲካፈል 30 ይሆናል። ሁለቱም መስመር እኩል ወር ይሆናሉ። የቀጠሮ ወረቀታቸውም ከወር በኋላ ነበር። ፊደሉ ሲያሳስት ቁጥሩ እውነቱን ይናገር ነበር፤ እኛ ግን 30ውን ለመቁጠር ብቻ ነው የተጠቀምንበት።

ሁለተኛው የመድኃኒቱ ጠባይ ነው። 160 ሚሊ ግራም ፉሮሴማይድ በቀን የማይታሰብ መጠን አይደለም፤ ከዚያ በላይ የሚወስዱ ታካሚዎች አሉ። ስለዚህ መጠኑን ብቻ ያየ ሰው ላይደነግጥ ይችላል። ድግግሞሹ ግን ማስደንገጥ ነበረበት። ፉሮሴማይድ ቤት ለሚወስድ ሰው የሚታዘዘው በአብዛኛው ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ሲበዛ ጠዋትና ከሰዓት መጀመሪያ ላይ ነው። ሰው ሌሊት መተኛት አለበት። ማታና እኩለ ሌሊት የሚወሰድ የሚያሸና መድኃኒት ሲታይ ወዲያው «ለምን?» ማሰኘት ነበረበት።

ይህ ስህተት አዲስ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ለሆስፒታሎች የጥራት እውቅና የሚሰጠው ጆይንት ኮሚሽን በ2004 መጻፍ የሌለባቸውን አሕጽሮተ ቃላት ዝርዝር ሲያወጣ ኪው-ዲን አስገብቶታል። የሰጠው ምክንያት ከእኛ ጉዳይ ጋር አንድ ነው፦ ከኪው በኋላ ያለችው ነጥብ «አይ» ተብላ ትነበባለች። «በየሁለት ቀኑ» የሚለው ኪው-ኦ-ዲም አብሮ ተከልክሏል፤ እዚያም «ኦ»ዋ «አይ» ትመስላለች፣ ሲነበብም ከኪው-ዲ ጋር ይምታታል። ቢ-አይ-ዲና ቲ-አይ-ዲ ዝርዝሩ ውስጥ የሉም።

አንዳንድ ሐኪሞች ኪው-ዲን ሸሽተው ኦ-ዲ ይጽፋሉ። እንግሊዞቹ የሚጽፉት እንዲያ ነው። ግን ኦ-ዲ በዓይን ሕክምና ቋንቋ «ቀኝ ዓይን» ማለት ነው። በአፍ የሚወሰድ ፈሳሽ መድኃኒት ዓይን ውስጥ የተጨመረበት ስህተት በዚህ የተነሳ ደርሷል። እኛ አገር ደግሞ ከሁለቱም ወገን የተማሩ ሐኪሞች አሉ፤ አንዱ ኪው-ዲ ሌላው ኦ-ዲ ይጽፋሉ፣ ወረቀቶቹ አንድ ባንኮኒ ላይ ይገናኛሉ።

## የሞከርነው፤ የሠራውና ያልሠራው

መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው። ተሰብስበን «ከእንግዲህ እንጠንቀቅ» ተባባልን። ግድግዳ ላይም ወረቀት ለጠፍን። አልሠራም። ሳምንት ሁለት ሳምንት ሁላችንም ፊደል ላይ አፍጥጠን ቆየን። ከዚያ ወረፋው ሲበዛ ወረቀቱን ማንም አያየውም ሆነ። ሰው በግልጽ «ኪው-አይ-ዲ» ብሎ ያነበበውን ነገር ሊጠራጠር አይችልም፤ ስለማይጠራጠር የሚጠነቀቅበት ነገር የለም።

ቀጥሎ፣ ያጠራጠረንን ማዘዣ ሁሉ ለሐኪሙ ለመደወል ወሰንን። በከፊል ሠራ። ችግሩ ስልክ ቁጥር የሌለው ማዘዣ ይበዛል። ታካሚው ቆሞ ሲጠብቅ ይሰለችና ወረቀቱን ተቀብሎ ቀጣዩ ፋርማሲ ይገባል፤ እዚያ ሳይጠየቅ ይሰጠዋል። በዚህ ምክንያት አካባቢያችን ካሉት ሁለት ሆስፒታሎች የተመላላሽ ክፍሎችና የፋርማሲ ክፍሎች ቁጥር ሰብስበን ባንኮኒው ሥር ለጠፍን። ያቺ ትንሽ ዝርዝር ከግድግዳው ወረቀት ይልቅ ጠቅማናለች።

በጣም የሠራልን ማካፈሉ ነው። መድኃኒት ከመደርደሪያ ከማውረዳችን በፊት፣ በእያንዳንዱ መስመር ዳር በእርሳስ የቀኑን ቁጥር እንጽፋለን። የተጻፈውን ፍሬ ብዛት በአንድ ቀን ለሚወሰደው ፍሬ እናካፍላለን። የሚፈጀው አምስት ሰከንድ ነው። ቁጥሩ ሙሉ ካልሆነ፣ ወይም ከጎረቤቱ መስመር ጋር ካልተስማማ፣ መድኃኒቱ አይወርድም።

ከወር በኋላ አንድ ማዘዣ መጣ። አዚትሮማይሲን 500 ሚሊ ግራም፣ 3 ፍሬ። ያው ባልደረባዬ ተቀበለና ዓይኑ አሁንም ኪው-አይ-ዲ አነበበ። እርሳሱን አንስቶ 3ን ለ4 ሊያካፍል ሲል ቆመ። አንድ ቀን እንኳን አይሞላም! አዚትሮማይሲን በቀን 1 ፍሬ ለ3 ቀን ነው የሚሰጠው። ዓይኑ አልተሻሻለም፤ ያዳነው ሒሳቡ ነው። በሌላ ቀን ደግሞ ሲፕሮፍሎክሳሲን 14 ፍሬ ቲ-አይ-ዲ የሚመስል መጣ። 14 ለ3 አይካፈልም፤ ለ2 ግን 7 ቀን ይመጣል። ስንጠይቅ ቢ-አይ-ዲ ሆኖ ተገኘ።

ማካፈሉ ግን የማይደርስበት ቦታ አለ፤ ይህን ሳልናገር ባልፍ እናንተንም አሳስታለሁ። ብዛቱ ያልተጻፈበት ማዘዣ ላይ አይሠራም። ሲያምህ ብቻ ውሰድ በሚባል መድኃኒትና በሽሮፕ ላይም ብዙ አይረዳም። ደግሞ የኑሮ ነገር አለ፦ «ለአሁኑ ግማሹን ብቻ ስጠኝ» የሚል ሰው ብዙ ነው። ያኔ ማካፈል ያለብን ማዘዣው ላይ ያለውን እንጂ የገዛውን አይደለም፤ ይህን መጀመሪያ ላይ ሳናስተውል ተምታቶብናል።

ከሁሉም የከፋው ግን 28 ነው። ኦሜፕራዞል 20 ሚሊ ግራም፣ 28 ፍሬ የሚል ማዘዣ መጣ። ኪው-ዲ ከሆነ 28 ቀን፣ ልክ አራት ሳምንት ነው። ኪው-አይ-ዲ ቢባል 7 ቀን፣ ልክ አንድ ሳምንት ይሆናል። ሁለቱም ሙሉ ቁጥር፣ ሁለቱም የተለመደ ጊዜ ነው። ሒሳቡ እዚህ ዝም ይላል።

ያን ቀን የረዳን ሌላው የለወጥነው ነገር ነው፦ አጠያየቃችን። ድሮ «በቀን አራት ጊዜ ነው፣ እሺ?» እንል ነበር። ለዚህ ጥያቄ የሰው መልስ «እሺ» ነው። ታካሚ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው አይቃወምም። አሁን ምንም ሳንናገር አስቀድመን «ሐኪሙ እንዴት ውሰድ አለህ?» እንላለን። የኦሜፕራዞሉ ሰውዬ «ጠዋት ቁርስ ሳልበላ» አሉ። በቃ። ልጅቷን ያን ሰኞ እንዲህ ብንጠይቃት «እኔንጃ፣ እማዬ ናት የገባችው» ትል ነበር። ያኔ ታክሲዋ ድረስ ወጥቶ መጠየቅ ነው፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ፖስታችንንም ቀየርነው። «በቀን ... ጊዜ» የሚለው ክፍት ቦታ ቀርቶ ጠዋት፣ ቀን፣ ማታ፣ ሌሊት የሚሉ አራት ሳጥኖች ተተኩበት። ማንበብ ለማይችሉ ፀሐይና ጨረቃ ተስሎባቸዋል። ይህ ለእኛም ጠቅሞናል። «4 ጊዜ» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። ለሚያሸና መድኃኒት «ሌሊት» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ልታደርግ ስትል ግን እጅህ ራሱ ይይዝሃል።

## ወደ ሌላ ቦታ የሚወሰደው

ማዘዣ ለሚጽፍ ሰው፦ ከሁሉ አስቀድሞ ኪው-ዲን ተዉት። «በቀን 1 ጊዜ ጠዋት» ብሎ መጻፍ ሦስት ሰከንድ ቢጨምር ነው። አማርኛ የማይነበብበት አካባቢ ከሆነ እዚያ የሚነበበውን ቋንቋ ተጠቀሙ። ስለ ቢ-አይ-ዲ የምጣላው የለም፤ የሚጎዳው አንዱ ላይ ካተኮርን በቂ ነው። ነጥብም አታድርጉ፣ ነጥብ በእጅ ጽሕፈት ውስጥ ፊደል ትሆናለች። የፍሬ ብዛትንና የቀን ብዛትን ሁለቱንም ጻፉ። አንዱ የሌላው ምስክር ነው፤ የድግግሞሹ ፊደል ቢበላሽ እንኳን ከሁለቱ መልሶ ማግኘት ይቻላል።

ለሚያድል ሰው፦ ጥያቄያችሁን አስቀድማችሁ አትመልሱት፣ ለሐኪምም ለታካሚም። ስትደውሉ ያነበባችሁትን ካነበባችሁለት፣ ሥራ የበዛበት ሐኪም «አዎ አዎ» ብሎ ሊዘጋ ይችላል። ሁለት ሰው አንድ ወረቀት ቢያነብም ዋስትና አይደለም። እኔ ራሴ ችግሩን እያወቅሁ፣ ወረቀቱን እጄ ላይ ይዤ፣ መጀመሪያ ያነበብኩት ያንኑ ስህተት ነው።

መድኃኒት ለሚገዛ ሰው፦ ሐኪሙ በቃል የነገራችሁና ፖስታው ላይ ያለው ካልተስማሙ፣ ፖስታውን አትመኑ፣ ራሳችሁንም አትጠራጠሩ። ወደ ፋርማሲው ተመለሱ ወይም ደውሉ። የልብ፣ የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት ከሆነ በራሳችሁ ፈቃድ አቁማችሁ አትቀመጡ፤ ያኑ ዕለት ጠይቁ። አንድ ላይ ከታዘዙ መድኃኒቶች አንዱ ቀድሞ ካለቀም ድገሙልን ከማለታችሁ በፊት ለምን ብላችሁ ጠይቁ።

እናትየው አሁንም መድኃኒታቸውን የሚወስዱት ከእኛ ነው። አሁን ራሳቸው ናቸው የሚመጡት፣ ልጃቸውን ይዘው። ባለፈው ወር ፖስታውን ስሰጣቸው ምልክት ያደረግሁባትን አንዲት ሳጥን በጣታቸው ነክተው «ፀሐይዋ ላይ ብቻ ነው አይደል?» አሉኝ። ልመልስላቸው ስል ልጅቷ ቀደመችኝ፤ «አይ፣ አንቺ ንገሪን እማዬ፣ ሐኪሙ ምን አለሽ?» አለቻቸው።